እማዬ፣ ቀይዋ ነጥብ ትርገበገባለች ወይስ ዝም ብላ በርታለች?

*ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብቻዋን ትኖራለች። የፋይበር ኢንተርኔት አስገብቼላታለሁ፣ ፊቷን የማየው በሱ ነው። ሲቋረጥ በስልክ እየነገርኳት ለማስተካከል እሞክራለሁ። «መብራቱ በርቷል?» ስላት «አዎ፣ አለ» ትለኛለች፣ ግን ምንም አይሠራም። ባለፈው ሳምንት 40 ደቂቃ ከታገልን በኋላ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ ሲቋረጥ አትነግረኝም፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አትድከሚ» ብቻ ነው። ወንድሜ «ተያት፣ የሰፈር ልጅ እየጠራች ታሠራ» ይላል። ግን አንዴ የመጣው ልጅ አንድ ነገር ነካክቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ምን ላድርግ?*

*ሰ. ከቨርጂኒያ*

እህቴ ሰ.፣

እናትሽ እኮ በትክክል ነው የመለሰችልሽ። «መብራቱ በርቷል?» አልሻት፣ ቤቱ ውስጥ መብራት አለ፣ «አዎ፣ አለ» አለች። በኛ ቋንቋ መብራት ማለት መጀመሪያ ኮረንቲው ነው። አንቺ የኢንተርኔቱ ሳጥን ላይ ስላሉት ትናንሽ ነገሮች ትጠይቂያለሽ፣ እሷ ስለ ጣሪያው አምፖል ትመልሳለች፣ እንዲህ ሆኖ 40 ደቂቃ ማለቁ አይገርምም። «ኔትወርክ የለም»ም እንደዚያው ነው። ለስልኩም፣ ለዋይፋዩም፣ ለቴሌቪዥኑም የምንለው አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለሁለታችሁ ብቻ የሚሆን ስም አውጡ። እኔ ከአክስቴ ጋር «ነጥብ» ነው የምንለው። ሳጥኑ ላይ ያሉት ነጥቦች፣ በቃ። መብራት የሚለውን ቃል ለኮረንቲ ተይው።

ከነጥቦቹ ውስጥ እናትሽ ማወቅ ያለባት ሦስቱን ነው። ብዙ የፋይበር ሳጥኖች ላይ ስማቸው POWER፣ PON እና LOS ተብሎ ይጻፋል። POWER ኮረንቲ መግባቱን ያሳያል። PON አረንጓዴ ሆኖ ዝም ብሎ ከበራ ሳጥኑ ከአቅራቢው መሣሪያ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፣ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ገና ለመገናኘት እየሞከረ ነው። LOS ግን የተገላቢጦሽ ነው። እሱ ጠፍቶ ሲታይ ነው ደህና የሚሆነው። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ከውጭ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ተቋርጧል ወይም በጣም ደክሟል። «ያልበራ ነጥብ አለ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ታዲያ LOSን ነው የምትነግርሽ፣ አንቺም በከንቱ ትደነግጫለሽ።

ስሞቹን አንብቢ አትበያት። ጽሑፉ ከጤፍ አይሻልም። አንዴ አክስቴን «መሃሉ ላይ ክብ ያለበትን ፈልጊ» አልኳትና ሁለታችንም ተሳሳትን፣ ለካ PONም LOSም ሦስት ፊደል ናቸው፣ ሁለቱም መሃል ላይ ክብ አላቸው! አሁን የምንለያቸው በመጨረሻው ፊደል ነው። LOS መጨረሻው እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ከዚያም የሚሻለው ቦታቸውን መቁጠር ነው፣ «ከግራ ሦስተኛዋ» ማለት። ለዚህ ግን የሳጥኑ ፎቶ አንቺ ጋ መኖር አለበት፣ የነጥቦቹ አደራደር ከሳጥን ሳጥን ይለያያልና። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ቀን በቪዲዮ እያወራችሁ ስልኩን ወደ ሳጥኑ ታዙርልሽና ስክሪንሹት አንሺው። የፊቱንም የኋላውንም።

ስለ እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ስንተኛዋ ናት፣ ቀለሟ ምንድን ነው፣ ዝም ብላ በርታለች ወይስ ትርገበገባለች። «ደህና ነው?» አትበያት፣ የደህናውን መልክ አታውቀውም። ቀለሙ ላይ ከተምታታባት ባንዲራውን ጥሪላት፣ ከላይ እንዳለው አረንጓዴ ነው ወይስ ከታች እንዳለው ቀይ?

ጥሪው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ልንገርሽ። የምትደውይው በሞባይሏ ቁጥር ነው፣ በመደበኛ ጥሪ። ቤቷ የመስመር ስልክ ካለ ምናልባት ገመዱ ከዚያው ሳጥን ጀርባ ይነሣል፣ እንዲያ ከሆነ ሳጥኑን ስታጠፋው ጥሪያችሁም አብሮ ይቆረጣል፣ እሷም አበላሸሁ ብላ ትደነግጣለች። ሰዓቱንም አስቢበት። ከሥራ ወጥተሽ ማታ በ12 ሰዓት ስትደውዪ እሷ ጋ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሳትገቢ ብትደውዪ ግን እሷ ጋ በናንተ በጋ ከቀኑ 8፣ በክረምታችሁ 9 ሰዓት ይሆናል። ቤቱ ብርሃን ነው፣ ጎረቤትም ነቅቷል። ሞባይሏ ላይ ዳታ ካለ ደግሞ የዋይፋዩን ምልክት አጥፍታ በቪዲዮ ታሳይሽ፣ ያኔ ይኼ ሁሉ ጥያቄ አያስፈልግም።

ከአክስቴ ጋር ያደረግነውን አንዱን ጥሪ እንዳለ ልጻፍልሽ። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ነበር።

«እትዬ፣ መነጽርሽን አድርጊ። ስልኩን ላውድ አድርጊና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው።»

«እሺ፣ አስቀመጥኩት።»

«መጋረጃውን ትንሽ ሳቢው፣ ፀሐይ ካለ ነጥቦቹ አይታዩም። አሁን ከግራ ጀምረሽ ንገሪኝ።»

«አንደኛዋ አረንጓዴ ናት። ሁለተኛዋ የለችም። ሦስተኛዋ ቀይ።»

«ቀይዋ ዝም ብላ በርታለች ወይስ ትርገበገባለች?»

«ኧረ እንደ ዓይን ትርገበገባለች።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አጥፊና አብሪው» ይላል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው። ኮረንቲው ገብቷል፣ PON ጠፍቷል፣ LOS ቀይ ሆኖ ይርገበገባል። ችግሩ ገመዱ ላይ ነው፣ ወይ ቤት ውስጥ ወይ ውጭ። የተቆረጠ ወይም የታጠፈ ፋይበር ሳጥኑን አሥር ጊዜ ብታጠፊውም አይስተካከልም። አንዴ ብቻ መሞከር ይቻላል፣ ከዚያ ወደ ገመዱ መሄድ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ።

«እትዬ፣ ሰሞኑን ቤት ውስጥ ያንቀሳቀስሽው ዕቃ አለ?»

«ለበዓል ቤቱን ስናጸዳ ሶፋውን ወደ ግድግዳው አስጠግተነዋል።»

«ከሳጥኑ የሚወጣ ቀጭን ገመድ አለ፣ እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ። ሳትነኪው በዓይንሽ ብቻ ተከተይው። የት ይሄዳል?»

ዝም አለች። ከዚያ «ውይ! የሶፋው እግር ላዩ ላይ ቆሟል» አለችኝ።

ራሷ እንድትገፋው አልፈቀድኩም፣ የጎረቤቷን ልጅ ጠርታ ሶፋውን ብድግ አደረገላት። ገመዱ ተጣጥፎ ነበር እንጂ አልተቆረጠም። ቀይዋ ጠፋች፣ ሁለተኛዋ መርገብገብ ጀመረች፣ ጥቂት ቆይታ ዝም ብላ በራች። ፋይበር ውስጡ ከመስታወት የተሠራ ክር ነው፣ በጣም ሲታጠፍ ብርሃኑ በማጠፊያው በኩል ይወጣና ሳጥኑ ጋ አይደርስም፣ ሲቃና አንዳንዴ ይመለሳል። ካልተመለሰ ውስጡ ተሰብሯል፣ ያን ጊዜ ቴክኒሺያን እንጂ ሌላ ማንም አያድነውም።

እናትሽ ይህን ቀጭን ገመድ እንዳትነቅለው። ጫፉ ላይ አቧራ ወይም የጣት ቅባት ካረፈበት ራሱ ችግር ይሆናል። ተነቅሎ ከቆየ ደግሞ ጫፉን ወደ ዓይኗ አምጥታ እንዳታይ፣ የሚወጣው ብርሃን ለዓይን አይታይም ግን ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ሶፋ ሥር መንበርከክ፣ ወንበር ላይ መውጣት ካስፈለገ ጥሪውን እዚያው አቁሚው። ኢንተርኔት ነገም ይመጣል።

ማጥፋትና ማብራት የሚሠራው ለሌላ ዓይነት ችግር ነው። POWERም PONም አረንጓዴ ሆነው፣ ቀይ ነገር ሳይኖር ኢንተርኔት ከሌለ ያን ጊዜ አስነሺው። ሳጥኑ ላይ ያለ ምንም ቁልፍ እንዳትነካ ንገሪያት፣ የምትነቅለው ከግድግዳው ወይም ከማከፋፈያው ላይ የሳጥኑን አዳፕተር ነው። ከነቀለችው በኋላ ሰዓት ተመልከቺ አትበያት። «አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ድገሚ» በያት፣ ቀስ ብላ ከደገመችው አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አክስቴ ሦስት ጊዜ ነው የምትደግመው፣ ቢበዛ አይጎዳም። ከዚያ መልሳ ትሰካውና ስልኩን ትዘጋለች። አንቺ ከ5 ደቂቃ በኋላ ትደውያለሽ። ይህን 5 ደቂቃ አብራችሁ መስመር ላይ አትጠብቁ። ሳጥኑ ሲነሣ ነጥቦቹ ሁሉ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ LOSም ለአፍታ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ እናትሽ እያየች ትደነግጣለች፣ አንቺም በየሰኮንዱ «አሁንስ?» ትያለሽ። እንደዚህ ያለው 5 ደቂቃ ነው ወደ ጩኸት የሚወስደው።

ሁለት ሳጥን ካላት፣ አንዱ ቀጭኑ ፋይበር የሚገባበት፣ ሌላው ዋይፋይ የሚያሰራጨው፣ ሁለቱንም ትንቀል። መጀመሪያ ፋይበር የሚገባበትን ትሰካ። የPON ነጥብ አረንጓዴ ሆና ዝም ብላ ስትበራ ያን ጊዜ ሌላውን። ዋይፋዩ መስመሩን የሚቀበለው ከመጀመሪያው ሳጥን ነው፣ ቀድሞ ከተነሣ የሚቀበለው አጥቶ ባዶውን ሊቀር ይችላል።

የሰፈሩ ልጅ ምን እንደነካካ እዚህ ሆኜ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ግን ሁለት ሳምንት ካስቆያት መጀመሪያ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው። ሳጥኑ ላይ RESET የሚባል ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ በመርፌ ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ ሲጫኑት ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ ሲያስገቡላት የሞሉት የመስመሩ መለያም ጭምር። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፣ «ሪሴት» እና «ሪስታርት» ለብዙ ሰው አንድ ናቸው። ቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር ይለጠፍባት።

አንዳንዴ ደግሞ አንድም ነጥብ አይበራም። ያን ጊዜ የስልኳን ቻርጀር እዚያው ሶኬት ላይ ትሰካ። ስልኩ ካልሞላ ችግሩ ሶኬቱ ወይም ማከፋፈያው ነው፣ ከሞላ ወደ ሳጥኑ ተመለሺ። ብዙዎቹ ከኋላቸው የማብሪያ ቁልፍ አላቸው፣ አቧራ ስትጠርግ ተጭናው ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ብቻ ቁልፉን እንድትነካ ፍቀጂላት። ከዚያ አዳፕተሩ። የቴሌቪዥኑ ሪሲቨርና የኢንተርኔቱ ሳጥን አዳፕተር መንታ ይመስላሉ፣ ከተቀያየሩ ሳጥኑ ወይ አይነሣም ወይ እየተነሣ ይጠፋል፣ ከባሰም ይቃጠላል። የኢንተርኔቱ ገመድ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት። መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ነቅላ፣ ተመልሶ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ብትሰካው ደግሞ ሲመለስ ከሚመጣው የኮረንቲ መዋዠቅ ትጠብቀዋለች።

አንድ ነገር እንዳያታልላችሁ። ስልኳ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ሙሉ መሆኑ ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም። የሚነግራችሁ ከስልኳ እስከ ሳጥኑ ያለውን ብቻ ነው። ውጭ ፋይበሩ ተቆርጦ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው ነጥቦቹ ሁሉ ደህና ሆነው የሷ ስልክ ብቻ ከተቸገረ፣ ዋይፋዩን ሳታውቅ አጥፍታው ወይም የአውሮፕላኑን ምልክት ነክታው ይሆናል። ስልኩን አጥፍታ ታብራው። ሁሉም ደህና ሆኖ፣ ሳጥኑም ተነሥቶ፣ ሌላ ስልክም ካልሠራ ወርሃዊው ክፍያ መከፈሉን እይ። ይህን ከእሷ በፊት አንቺ ብታይው ይሻላል።

ወንድምሽ ያለው ግማሹ ልክ ነው። LOS ቀይ ሆኖ ሲርገበገብ አንቺም ከቨርጂኒያ፣ እሷም ከሳሎኗ የምታደርጉት ብዙ የለም፣ ሰው መምጣት አለበት። የአቅራቢው አጭር ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር አይሠራም፣ ስለዚህ የሚደውለው እዚያ ያለ ሰው ነው። «ኔትወርክ የለም» ካሏቸው መልሰው «አጥፍታችሁ አብሩት» ይሏቸዋል። በትልቅ ፊደል ወረቀት ላይ እንዲህ ተጽፎ ሳጥኑ አጠገብ ይለጠፍ፤ «የፋይበር መስመር ነው። LOS ቀይ ሆኖ ይርገበገባል። PON ጠፍቷል። አጥፍተን አብርተን ሞክረናል።» ከሥሩ የአገልግሎት ቁጥሯ። ማንም ቢደውል ያንን ማንበብ ነው።

ልጠይቅሽ ደግሞ፤ እናትሽ ሳታፍር «ና እስቲ» የምትለው ሰው አጠገቧ ማን አለ? ያ ሰው ከወንድምሽ «የሰፈር ልጅ» የተለየ ሊሆን ይችላል። ምናልባት የጎረቤት ልጅ ናት፣ ምናልባት የእድሯ ጸሐፊ። ፎቶውንም የወረቀቱንም ነገር ለዚያ ሰው አስረጂው፣ RESET እንደማይነካም ጭምር። ፕላስተሩን፣ ክሩን፣ ሳጥኑን ከቁምሳጥን ጀርባ አውጥቶ ቁጭ ብላ በምታየው ቦታ ማድረጉን ይሥራላት። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሳጥኑ ከቦታው ሲነሣ ግን ቀጭኑ ገመድ ለዚያ መድረሱ አስቀድሞ ይታይ፣ ካልደረሰ ይቅር።

ስለ ጩኸቱ። «አትድከሚ» ያለችሽ ደክሟት ሳይሆን ድካምሽን ሰምታው ነው ብዬ አስባለሁ። ኢንተርኔቱ ተቋርጦባት ስንት ጊዜ «ደህና ነኝ» ብላሽ ይሆን? በሚቀጥለው ስትደውዪ ስለ ሳጥኑ ከማውራትሽ በፊት «እማዬ፣ ያን ቀን አጠያየቄ ነው የተሳሳተው፣ አንቺ ልክ ነበርሽ» በያት፣ የመብራቱን ነገር ንገሪያትና አብራችሁ ሳቁበት። እውነትም እሷ ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ጥሪ ገደብ አብጂ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ነጥቦቹን ታያላችሁ፣ ካስፈለገ አንዴ ታስነሡታላችሁ። ካልሆነ «እማዬ፣ የኛ ሥራ አልቋል፣ ቀሪው የነሱ ነው» ብለሽ ወሬ ቀይሪ፣ ቡናዋን ከማን ጋር እንደጠጣች ጠይቂያት።

በመጪው እሑድ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። ነጥቦቹን ከግራ እስከ ቀኝ ትንገርሽ፣ አንቺ እንደነገረችሽ በወረቀት ጻፊ፣ ከስክሪንሹቱ ጋር አስተያዪው። የደህናው ቀን መልክ እጅሽ ላይ ካለ፣ በተቋረጠ ቀን የምትጠይቂያት አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ «እማዬ፣ ከእሑዱ የተለየችው የትኛዋ ናት?»